ፔኑ ከጫፉ ራቅ ብሎ ይስላል፣ መስመሩም ይቆራረጣል

የሰኞ_ቀለም | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። በታብሌት የምትስሉ ካላችሁ እርዱኝ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሊያሳብደኝ ነው።

የምሠራው የልጆች የፊደል መጽሐፍ ነው፣ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ እንስሳ ወይም ዕቃ። ታብሌቱ ኪቦርዱ የሚነቀል፣ ዊንዶውስ የሚሠራበት ነው። ያገለገለ ነው፣ ከዱባይ የመጣ ሰው ከሸጠልኝ አምስት ሳምንት ሆነው። ፔኑም አብሮት የመጣ ነው፣ ውስጡ ቀጭን የባትሪ ድንጋይ ይገባል።

ችግር አንድ፦ ጫፉን ያሳረፍኩበት ቦታና መስመሩ የሚወጣበት ቦታ አይገናኙም። መስመሩ ወደ ቀኝና ወደ ታች ይሸሻል። በማስመሪያ ስለካው 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ዓይን ልስል ስል ጉንጭ ላይ ያርፋል።

ችግር ሁለት፦ እጄን ቀለል አድርጌ ስስል መስመሩ ይቆራረጣል። አሁን የደረስኩት «በ» ላይ ነው፣ በግ። የበጉ ፀጉር ነጠብጣብ ብቻ ሆኖ ቀረ፣ ብል የበላው ጋቢ ነው የሚመስለው።

አርብ ዕለት ግላስ አስለጥፌበታለሁ። ካሊብሬሽንም አንዴ ሞክሬ ነበር፣ ባሰበት። ሥራውን የማስረክበው በወሩ መጨረሻ ነው። ምን ላድርግ?

የቢሾፍቱ_ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:25

ግላሱ ነው። ሌላ ምንም አይደለም። ራስሽ ጽፈሽዋል እኮ፣ አርብ አስለጠፍሽ። በየሱቁ የሚለጥፉት ወፍራም ነው፣ ሲወድቅ ስክሪን እንዲያድን እንጂ ለሥዕል ታስቦ አይደለም። በፔኑና በስክሪኑ መሀል ግድግዳ ሠርተሽ ለምን አይሰማም ትያለሽ። የኔም እንደዚሁ ነበር፣ ነቅዬ ጣልኩትና ተገላገልኩ። ንቀይው።

ጣና_ዳር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

ፔን ደግሞ ባትሪ አለው እንዴ? እኔ ጋላክሲ ታብ ኤስ6 ላይት ነው የምጠቀመው፣ ፔኑ ድንጋይም ቻርጅም ጠይቆኝ አያውቅም። ባትሪ ነው የሚልሽን ሰው አትስሚው።

የኔ ጣጣ ከቨሩ ነበር። ማግኔት አለው። ወደ ኋላ አጥፌው ስስል በአንድ በኩል ቀጥ ያለ መስመር ሁሉ ጎበጥ ይል ነበር፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ። ከቨሩን ባወልቀው ቀጥ አለ። አንቺም ከቨር ካለሽ አውልቂና ሞክሪ።

ሽቦ_ፈቺ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:30

ቆይ፣ ቆይ። ምንም ነገር ከመንቀልሽ በፊት።

ጣና ዳር፣ ያንተ ፔን ድንጋይ የማይፈልገው ታብሌቱ ራሱ ከስክሪኑ ሥር ሆኖ ኃይል ስለሚልክለት ነው። ማግኔት ያስቸገረህም በዚሁ ምክንያት ነው። የእሷ ፔን ግን ሌላ ዘር ነው። ጫፉ ላይ የራሱን ምልክት እያመነጨ ወደ ስክሪኑ ይልካል፣ ለዚያ ደግሞ ድንጋይ ያስፈልገዋል። ሁለታችሁም «ፔን» ትላላችሁ እንጂ በአንድ ቋንቋ አይደለም የምታወሩት።

አሁን ወደ አንቺ። አንድ በሽታ ነው ብለሽ ነው የያዝሽው፣ ግን ሁለት ናቸው። መስመር መሸሽና መስመር መቆራረጥ ምክንያታቸው አንድ መሆኑ አልፎ አልፎ ነው። ለይተሽ ፈትሺያቸው።

ለመሸሹ፦ ጫፉን ስክሪኑ ላይ አሳርፊና እጅሽን ሳታንቀሳቅሺ አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ። ከዚያ ጭንቅላትሽን ወደ ግራ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ወደ ታች አድርጊ። በጫፉና በነጥቡ መሀል ያለው ክፍተት ከጭንቅላትሽ ጋር የሚቀያየር ከሆነ ጥፋቱ የውፍረት ነው፣ ከመስታወቱ በላይ ሆነሽ ከሥር ያለውን ሥዕል በሰያፍ እያየሽ ነው ማለት ነው። ክፍተቱ ባለበት ከቆመ ግን ታብሌቱ ራሱ ቦታውን ተሳስቷል። ይህን በአራቱም ማዕዘንና በመሀል ላይ አድርጊና በማስመሪያ ለኪው።

ለመቆራረጡ፦ ገጹን በሙሉ በቀላል እጅ ጥላ ሙዪው። መስመሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚበጠስ ከሆነ ጥፋቱ ስክሪኑ ወይም ግላሱ ላይ ነው። እዚህም እዚያም ያለ ሥርዓት የሚበጠስ ከሆነ ጥፋቱ ከፔኑ ጋር አብሮ እየሄደ ነው፣ ማለትም ጫፉ ወይም ድንጋዩ።

ደግሞ ያልነገርሽን ነገር አለ። መሸሹ ከግላሱ በፊት ነበር ወይስ በኋላ መጣ?

የሰኞ_ቀለም | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:00

እሺ፣ አደረግኩት። መሸሹ ከግላሱ በፊትም ነበረ፣ አሁን ስታስታውሱኝ ትዝ አለኝ። ስገዛው ትንሽ ነበረና «እለምደዋለሁ» ብዬ ነው ያለፍኩት።

ጭንቅላቴን ሳንቀሳቅስ ክፍተቱ በጣም ትንሽ ነው የሚቀያየረው፣ በአብዛኛው ባለበት ይቆማል። ልኬቱ ደግሞ ገረመኝ። ላይ ግራ ማዕዘን ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። መሀል ላይ 2። ታች ቀኝ ማዕዘን ላይ 4 ሚሊሜትር።

መቆራረጡ ደግሞ ሥርዓት የለውም፣ በየቦታው ነው። አንድ የታዘብኩት ነገር አለ፣ ጠዋት ስጀምር ደህና ይሠራል። አሥር ደቂቃ ያህል ከሳልኩ በኋላ መዝለል ይጀምራል። ቡና ልጠጣ ተነሥቼ ስመለስ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ይሻለዋል።

ሽቦ_ፈቺ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:15

ጥሩ ለክተሻል። መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል ማለት ይቻላል።

ከግራ ላይ ወደ ቀኝ ታች እያደገ የሚሄድ ስህተት የመለኪያ ስህተት ነው። ታብሌቱ ስክሪኑን ከእውነተኛው መጠኑ ትንሽ አስፍቶ ያነበዋል፣ ስለዚህ በራቅሽ ቁጥር ስህተቱ ይከማቻል። በየቦታው እኩል ቢሸሽ ኖሮ ደግሞ «ካሊብሬሽኑን የሠራው ሰው ጎን ላይ ተቀምጦ ነበር» እል ነበር። ያንቺው ሁለቱም ሳይኖርበት አይቀርም።

ግላሱን በቁጥር እንየው። ተለምዶ የሚለጠፈው 0.33 ሚሊሜትር ነው። ስክሪኑን በ45 ዲግሪ ተጋድመሽ ብታዪው እንኳ ብርሃኑ መስታወት ውስጥ ሲገባ ስለሚሰበር ግላሱ የሚጨምርብሽ መሸሽ 0.2 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። 4 ሚሊሜትር እንዲሰጥሽ ብትፈልጊ ጣት የሚያክል መስታወት መለጠፍ አለብሽ። ስክሪናቸው ከላይኛው መስታወት ጋር ያልተጣበቀ፣ በመሀል አየር ያለባቸው ታብሌቶች ላይ ነገሩ ይብሳል፣ እዚያ 1 ሚሊሜትር ክፍተት 1 ሚሊሜትር ያህል ያሸሻል። ያንቺው ጭንቅላት ሲንቀሳቀስ ብዙም አለመቀያየሩ የተጣበቀ መሆኑን ያሳያል።

ስለዚህ መጀመሪያ የተቀመጠውን ካሊብሬሽን አጥፊ። እላዩ ላይ ሌላ አትጨምሪበት፣ አጥፊው። የዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ ይህን ጻፊ፦

```
Calibrate the screen for pen or touch input
```

በሚከፈተው መስኮት ላይ Calibrate እና Reset የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ። Reset የሚለው ደብዝዞ ካልሆነና የሚጫን ከሆነ የሆነ ሰው ካሊብሬሽን አስቀምጦበታል ማለት ነው። እሱን ተጫኚና እንደገና ለኪ። ሌላ ምንም አትንኪ።

የቢሾፍቱ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:40

ወንድሜ ቁጥርህ ያምራል፣ ግን እኔ ግላሱን ስነቅል ተሻለኝ እኮ። በዓይኔ ያየሁትን በሂሳብ ልታስክደኝ ነው?

ሽቦ_ፈቺ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 5:05

አላስክድህም። ምኑ ነበር የተሻለህ? መሸሹ ወይስ መቆራረጡ?

የቢሾፍቱ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 5:10

መቆራረጡ። መሸሽ አልነበረብኝም።

ሽቦ_ፈቺ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 5:30

እንግዲያው ትክክል ነህ፣ ለሌላው በሽታ። እንዲህ ያለ ፔን የሚልከው ምልክት ርቀት በጨመረ ቁጥር ይደክማል። ስክሪኑ ላይ ግላስ ሲደረብ፣ በተለይ ከሥሩ አየር ሲቀር፣ በቀላል እጅ የተሳለው መስመር መጀመሪያ ይጠፋል። ጠንከር ብሎ የተሳለው ይተርፋል። ግን የእሷ በየቦታው ነው የሚበጠሰው፣ ደግሞ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ነው የሚጀምረው። ግላስ አሥር ደቂቃ ጠብቆ አይወፍርም።

ፍቅር_ያሸንፋል_21 | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:00

እኔም ፔን አለኝ ለስልኬ፣ ጫፉ ክብ ጎማ የሆነ። በጣም ራቅ ብሎ ነው የሚጽፈው። ስልኬ ላይ ካሊብሬሽን የሚለው የት ነው? ፈልጌ አጣሁት።

ጣና_ዳር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:20

ያ ፔን ሳይሆን ጣት ነው ወንድሜ። ስልኩ ፔን መሆኑን አያውቅም፣ ጎማውን ጣትህ ነው ብሎ ነው የሚያነበው። የጎማው ክብ ሰፊ ስለሆነ መሀሉን ይገምታል፣ አንተ ደግሞ ጠርዙን ነው የምታየው። ካሊብሬሽን የለውም። ጠቅ ጠቅ ለማድረግ ይበቃሃል፣ ሥዕል ግን እርሳው።

የሰኞ_ቀለም | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15

Reset ሠራ!!! ታች ቀኝ ላይ 4 የነበረው 1 ሚሊሜትር ሆነ። መሀል ላይ ጭራሽ ከጫፉ ሥር ነው የሚወጣው። አምስት ሳምንት የተሠቃየሁት ለአንድ ቁልፍ ነው? ወይ እኔ ነኝ ያበላሸሁት ወይ የበፊቱ ባለቤት፣ አሁን ማወቂያ የለውም።

የቀረችውን 1 ሚሊሜትር ለማጥፋት እንደገና ካሊብሬሽን ልሥራ?

ሽቦ_ፈቺ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:00

በመጀመሪያው ጊዜ እንዴት አድርገሽ ነበር የሠራሽው? ተናዘዢ።

የሰኞ_ቀለም | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሶፋ ላይ ተጋድሜ፣ ታብሌቱ ጉልበቴ ላይ። መጀመሪያ ላይ በጣቴ ነበር የጀመርኩት፣ ከዚያ ግማሽ ላይ ፔን ነው የሚፈልገው ብዬ እንደገና ገባሁ። መስቀሎቹንም ቶሎ ቶሎ ነው ያለፍኳቸው።

ሽቦ_ፈቺ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

በቃ፣ ወንጀለኛው ተገኘ። የበፊቱን ባለቤት ከነመላው ቤተሰቡ ይቅርታ ጠይቂው።

አሁን ግን አትቸኩይ። ጫፉ ያረጀ ከሆነ በእሱ የሠራሽው ካሊብሬሽን ጫፉ ሲቀየር ይበላሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ ጫፉን፣ በመጨረሻ ካሊብሬሽኑን። ድንጋዩን አውጪና በቴስተር ለኪው። አዲስ ከሆነ 1.5 ቮልት ወይም ትንሽ በላይ ነው የሚያሳየው።

የሰኞ_ቀለም | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:30

የጎረቤታችን ኤሌክትሪሽያን ለካልኝ። 1.17 ነው። ታብሌቱ ላይ ግን ባትሪው ግማሽ አለ ይላል፣ የትኛውን ልመን?

ሽቦ_ፈቺ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:00

ቴስተሩን እመኚ። ድንጋዩ ያለ ሥራ ተቀምጦ 1.17 ካሳየ ፔኑ ሲጠቀምበት ደግሞ ከዚያ ይወርዳል። ቡና ጠጥተሽ ስትመለሺ የሚሻልሽም ለዚህ ነው፣ የደከመ ድንጋይ ሲያርፍ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ሬዲዮ በድንጋይ የሚሠራበት ዘመን የነበረ ሰው ያውቀዋል። እናቴ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ ታሰጣው ነበር።

የሰኞ_ቀለም | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:10

ይቅርታ ጋሼ፣ እስካሁን እኩያዬ መስለውኝ ነው። ድንጋዩን ግን የት ነው የማገኘው? ላዩ ላይ አራት ጊዜ ኤ ይላል። ሦስት ኤ በየኪዮስኩ ሞልቷል፣ አራት ኤ ስላቸው ግን ይስቁብኛል። አንዱማ «አምስት ኤስ አትፈልጊም?» አለኝ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:00

እዚህ ሜሪላንድ ፋርማሲ ውስጥ እንኳ ይገኛል። በሚቀጥለው ወር የአክስቴ ልጅ ትመጣለች፣ አንድ ሁለት እሽግ ልላክልሽ? ድንጋይ ብቻ ስለሆነ ቦታ አይወስድም። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

የሰኞ_ቀለም | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:20

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እጽፍልሻለሁ። ግን የማስረክበው በወሩ መጨረሻ ነው፣ እስከዚያ ምን ልሁን?

ሽቦ_ፈቺ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12:50

መንገድ አለ፣ ግን የምነግርሽን ሳትዘዪ። ባለ 9 ቮልት ድንጋይ አለ አይደል፣ አራት ማዕዘኑ። አልካላይን ከሆኑት አንዳንዶቹ ውስጣቸው ስድስት ቀጫጭን ክብ ድንጋዮች ናቸው፣ እያንዳንዱ 1.5 ቮልት። ከአራት ኤ ጋር ውፍረታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ በቁመት ግን 3 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ያጥራሉ። ሌሎቹ ደግሞ ውስጣቸው እንደ ብስኩት የተደረደረ ጠፍጣፋ ነው፣ ለምንም አይሆኑሽም። ከውጭ ሆነሽ መለየት ያስቸግራል።

ቆርቆሮውን በጠርዙ በኩል በጉጠት ቀስ ብለሽ ክፈቺ። በመጋዝ እንዳትነኪው፣ ድንጋዮቹን አትብሺ። ከዚያ የቱ ጫፍ ፖዘቲቭ እንደሆነ በዓይን አትገምቺ፣ በቴስተር ለዪ። እያንዳንዱ ላይ ምልክት አይጻፍበትም፣ ገልብጠሽ ካስገባሽ ፔኑን ልትጎጂው ትችያለሽ። አጭር ስለሆነ ክፍተቱን ለመሙላት የተጣጠፈ ፎይል ጫፉ ላይ ታደርጊያለሽ። ፎይሉ ወደ ጎን ወጥቶ ግድግዳውን እንዳይነካ። ስትጨርሺም አውጥተሽ አሳድሪው። ይህ የመሸጋገሪያ መላ ነው፣ የሜሪላንዱ ሲመጣ ወዲያ ትጥይዋለሽ።

የቢሾፍቱ_ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:05

ግላስ ንቀይ ያልኩት እኔ አደገኛ ተባልኩ፣ እሳቸው ድንጋይ ያስፈለቅቃሉ።

የሰኞ_ቀለም | ሐሙስ፣ ከቀኑ 10:00

ሪፖርት። የመጀመሪያው 9 ቮልት ብስኩት ሆነ፣ ገንዘቤ ገደል ገባ። ሁለተኛው ላይ ስድስቱ ወጡ። ጎረቤቴ ፖዘቲቩን ለይቶ በማርከር ምልክት አደረገልኝ፣ 1.58 አሳየ። ፎይል አድርጌ አስገባሁት።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳልኩ፣ መሀል ላይ መዝለል የለም! በጉ ፀጉር አበቀለ። ግን አንድ ነገር ቀርቷል፣ መስመሩ *መጀመሪያው* ይጎድላል። አንዴ ከጀመረ አይበጠስም፣ ግን ጫፉን አሳርፌ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሚሊሜትሮች አይስልም። ትንሽ መጫን አለብኝ።

ሽቦ_ፈቺ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12:30

አሁን ጫፉን እይው። በስልክሽ ካሜራ አጉልተሽ ፎቶ አንሺውና ንገሪን። ክብ ነው ወይስ በአንድ ጎኑ የተቆረጠ ይመስላል? በጣትሽ ስትነኪው ይወዛወዛል?

የሰኞ_ቀለም | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:00

በአንድ ጎኑ ተልጧል! የበፊቱ ሰውዬ አንድ ዓይነት አያያዝ ነበረው መሰለኝ። ደግሞ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው፣ በዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

ሽቦ_ፈቺ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:25

ያ ነው። ፔኑ መስመር የሚጀምረው ጫፉ ወደ ውስጥ ሲገፋና የግፊት መለኪያውን ሲነካው ነው። ጫፉ ሲያልቅና ሲያጥር ወይም ሶኬቱ ውስጥ ቆሻሻ ገብቶ ሲይዘው፣ ለመጀመር የበለጠ መጫን ይፈልጋል። ተቃራኒውም አለ፣ ተገፍቶ እዚያው ከተቸነከረ ፔኑን ብታነሺውም መስመሩ ይቀጥላል። በወረንጦ ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢው፣ አታጣሚው። መለወጫ ጫፍ ከሳጥኑ ጋር አብሮ መጥቶ ይሆናል።

ጣና_ዳር | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:40

መለወጫ ከሌለሽ ከፕላስቲክ ማሰሪያ ቆርጠሽ በአሸዋ ወረቀት አሹለሽ መሥራት ትችያለሽ። እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት፣ እስካሁን ይሠራል።

ሽቦ_ፈቺ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:50

ላንተ ይሠራል፣ ያንተ ጫፍ ግፊት ከማስተላለፍ ሌላ ሥራ የሌለው ተራ ፕላስቲክ ነው። የእሷ ግን ምልክቱ የሚወጣው በጫፉ በኩል ነው፣ ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር አለበት። በፕላስቲክ ማሰሪያ ብትተካው ፔኑ ዲዳ ይሆናል።

ራሔል_ቴልአቪቭ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:00

አይፓድ ያላችሁ ይህን ክር ካነበባችሁ፣ እዚያ ላይ ካሊብሬሽን የሚባል ነገር ተጠቃሚው የሚከፍተው የለም፣ አትድከሙ። የኔ መስመር ሲቆራረጥ ባትሪውን ስንት ጊዜ እንደሞላሁት አትጠይቁኝ። በመጨረሻ የፔኑ ጫፍ ላልቶ ነው የተገኘው። የአይፓዱ ጫፍ የሚሽከረከር ነው፣ በጣት ወደ ቀኝ አጠበቅኩት፣ አለቀ። እንደ ወረቀት የሚሻክረውን ፕሮቴክተር የምትጠቀሙ ደግሞ ጫፉን ቶሎ ቶሎ እዩት፣ እንደ አሸዋ ወረቀት ነው የሚበላው።

የሰኞ_ቀለም | ዓርብ፣ ከቀኑ 8:00

ሳጥኑ ውስጥ አንድ መለወጫ ጫፍ ነበር! ቀየርኩት። መስመሩ ከመጀመሪያው ነጥብ ይነሣል፣ መጫን የለም።

ከዚያ ጋሼ እንዳሉኝ ካሊብሬሽኑን ሠራሁ። ጠረጴዛ ላይ፣ ሁልጊዜ በምስልበት አቀማመጥ፣ ፔኑን ሁልጊዜ እንደምይዘው ይዤ። አሥራ ስድስቱንም መስቀሎች በቀስታ። መስቀሉ መሀል ላይ ጫፉን አሳርፌ ነው ያነሣሁት፣ ነጥቡ የት እንደሚወጣ ሳላይ። አሁን ታች ቀኝ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። ማስመሪያ አድርጌ ሰያፍ መስመር በጣም በቀስታ ስስብ መስመሩ እባብ ይሠራል። ቶሎ ስስበው ቀጥ ነው። ቻርጀሩ ሲሰካ ደግሞ ይብስበታል።

ሽቦ_ፈቺ | ዓርብ፣ ከቀኑ 10:20

የቻርጀሩ ቀላል ነው። ሶኬትሽ ኧርዝ ከሌለው የቻርጀሩ ረብሻ በስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ ፔኑ የሚልከውን ምልክት ያደናግረዋል። ስስ ሥራ ስትሠሪ ንቀይው።

እባቡ ግን የፔኑ ዘር ተፈጥሮ ነው። ስክሪኑ ውስጥ ያሉት መስመሮች እንደ ወንፊት ናቸው፣ ጫፉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ መሀሉን በግምት ነው የሚያነበው። ቶሎ ስትስቢ ግምቱ አይታይም። ካሊብሬሽን ይህን አያጠፋም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:30

በዚህ አልስማማም። እኔ ተመሳሳይ ታብሌት አለኝ፣ በቀስታ ስስበው ያን ያህል እባብ የለም። ፔኑ ነው የሚለያየው መሰለኝ፣ ሌላ ፔን ተውሳ ብትሞክር ጥሩ ነው። ወይም የሥዕል ፕሮግራሙ ላይ መስመር ማለስለሻውን ከፍ አድርጊው። እሱ ግን መስመሩን ከጫፉ ኋላ ኋላ ያስከትለዋል፣ እንደገና «ሸሸ» እንዳትይ።

ሽቦ_ፈቺ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:45

ሌላ ፔን መሞከሩ መልካም ነው፣ ሳይሞከር አልከራከርም።

የቢሾፍቱ_ልጅ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:00

ሁሉንም አነበብኩ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ግላሱን ነቀልሽው ወይስ አልነቀልሽውም?

የሰኞ_ቀለም | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:40

አልነቀልኩትም። ግን… ልንገርህና አትሳቅ። ትናንት ማታ «ተ» ላይ ተኩላ ስስል ታች ግራ ማዕዘን ላይ ጭራው ተበጠሰ። ገጹን አዙሬ ሌላ ነገር ሳልኩ፣ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ተበጠሰ። ታብሌቱን ወደ ብርሃን ዞር አድርጌ ሳየው ግላሱ ሥር ሳንቲም የሚያክል አየር አለ።

የቢሾፍቱ_ልጅ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3:42

አላልኩም!!!

ሽቦ_ፈቺ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4:10

ብለሃል። ንቀይው ልጄ።